ከሲንክ ስር ያለው ቫልቭ ጨርሶ አይዘጋም፤ ዘንጉ ስርም ያንጠባጥባል

ቤዛ_ኪ
ሰላም ለሁላችሁ። የወጥ ቤቱን ሩቢኔት ልቀይር ብዬ ሲንኩ ስር ያሉትን ሁለት ቫልቮች ዘጋሁ። የቀዝቃዛው ወዲያው ቆመ። የሙቁ ግን እጀታው እስኪያቆም ባዞረውም ሩቢኔቱን ስከፍት ቀጭን ውሃ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከነካሁት ወዲህ እጀታው የተሰካበት ዘንግ ስር ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ በፊት ደረቅ ነበር። ቫልቩ ደጋግሞ የሚዞረው ዓይነት ነው፤ በሩብ ዙር የሚዘጋው አይደለም። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው ወይስ ለየብቻ? ቫልቩ ሳይነቀል ይስተካከላል?

ፈጣን_ጥገና
ይቺ ቀላል ናት። ከእጀታው ስር ያለችውን ዳዶ ጥብቅ አድርጊያት፣ ጠብታው ይቆማል። አልዘጋም ላለው ደግሞ እጀታውን በፒንሳ ያዥና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ዝጊው። ጎማው ቦታውን ይይዛል።

ምንተስኖት_ገ
ችግሩ ሩቢኔቱ ውስጥ ያለው ካርትሪጅ ነው። ሲያልቅ ልክ እንደዚህ ቀጭን ውሃ ያወርዳል። ካርትሪጁን ብቻ ቀይሪና ገላገል በይ፤ ቫልቩን አትንኪው።

ቁልፍ_14
ምንተስኖት፣ እሷ የምትለው ሩቢኔቱ ተዘግቶ የሚያንጠባጥበውን አይደለም። ሩቢኔቱ ክፍት ነው፤ አልዘጋ ያለው የታችኛው ቫልቭ ነው። ቢሆንም ያነሳኸው ነገር ለምርመራው ይጠቅማል፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቤዛ፣ ብልሽቶቹ ሁለት ናቸው፤ ቦታቸውም ለየብቻ ነው። ግን አንዱ ሌላውን ያጋልጣል። በዚህ ዓይነት ቫልቭ ውስጥ ዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ ጎማ አለ። ስትዘጊ ጎማው ወርዶ የናስ ቀለበት ላይ ይቀመጣል። ውሃው ከቀለበቱ በታች ይመጣና ጎማውን አልፎ ወደ ፍሌክሲብሉ ይሄዳል። ዘንጉ ወደ ውጭ የሚወጣበት ማሸጊያ ያለው ደግሞ ከጎማው በላይ ነው። ስለዚህ ጎማው በደንብ ከተቀመጠ ግፊቱ ታች ይቀራል፤ ማሸጊያው ያረጀ ቢሆንም አያንጠባጥብም። ቫልቩ ሲከፈት ብቻ የሚያንጠባጥብ ዘንግ ማሸጊያው ብቻ ነው የደከመው ማለት ነው። ተዘግቶም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ጎማው እያሳለፈ ነው።

ይህን ስትፈትኚ የቀዝቃዛውንም ቫልቭ ዝጊ። ባለ አንድ እጀታ ሩቢኔት ከሆነ የቀዝቃዛው ግፊት በካርትሪጁ ተሻግሮ በሙቁ ፍሌክሲብል ወደ ታች ሊመለስ ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ሳለ የሙቁን ቫልቭ ትከሺዋለሽ። የምንተስኖት ካርትሪጅ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

የፈጣን ጥገና ምክር ግማሹ ልክ ነው። የማሸጊያዋ ዳዶ ትጠብቃለች፣ ግን በአንድ ስምንተኛ ዙር ነው የሚኬደው። አንድ ስምንተኛ አጥብቀሽ ዘንጉን በደረቅ ሶፍት ጠርገሽ ጥቂት ጠብቂ። ካልደረቀ ሌላ አንድ ስምንተኛ ጨምሪ። ሩብ ዙር ላይ ደርሰሽ ካልቆመ ማሸጊያው አልቋል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ትርፉ ዘንጉን ማነቅ ነው። ስታጠብቂ የቫልቩን አካል በሌላ ቁልፍ ያዢው፤ ካልተያዘ ጉልበቱ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ቱቦ ይሄዳል።

ፒንሳውን ግን ተይው። የሙቅ ውሃ ጎማ ከቀዝቃዛው ቀድሞ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ሲጫኑት አይለሰልስም፤ የናሱ ቀለበት ይቆርጠዋል። ጎማውን የያዘችው ትንሽ ብሎንም ዝገት ከነካት ትበጠሳለች፤ ያኔ ጎማው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ቫልቩም ከእንግዲህ የሚዘጋው ሲፈልግ ብቻ ነው።

ፈጣን_ጥገና
እኔ እኮ ዳዶዋን ሁሌም ጥብቅ አድርጌ ነው የምተወው፤ ችግር አላየሁም።

ቁልፍ_14
ጠብታው ይቆማል፤ እሱን አልካድኩም። ችግሩ በኋላ ነው የሚመጣው። የታነቀ ዘንግ ጎማው ቀለበቱን ሳይነካ በፊት ለእጅ ይከብዳል። የሚዘጋው ሰው «ደረሰ» ብሎ ይተወዋል፤ ቫልቩ ግን ገና አልተዘጋም። አይዘጋም ተብለው ከሚነቀሉት ቫልቮች ጥቂት የማይባሉት ዳዶዋ ከመጠን በላይ ስለጠበቀች ብቻ ነው።

ቤዛ፣ አንድ ነገር አይተሽ ንገሪን። የቀዝቃዛው ቫልቭ የዚሁ መንትያ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተበት እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠሪ። ሙቁንም እንዲሁ ቁጠሪና አወዳድሪ። ስትቆጥሪ እጀታው ላይ በብዕር ምልክት አድርጊና ዘንጉም አብሮ መዞሩን አረጋግጪ። እጀታው ውስጡ ተበልቶ ባዶውን የሚዞርበት ጊዜም አለ።

ሄለን_ስ
ጥያቄውን ልጠልፈው አይደለም፣ ግን የእኔም ከማንሻው ስር ያንጠባጥባል። የእኔው ሩብ ዙር የሚዞረው ነው። ዳዶ የሚባል ነገር አላየሁበትም። ምን ላጥብቅ?

ዳዶና_ብሎን
ሄለን፣ ማንሻውን የያዘውን ብሎን ፈትተሽ ማንሻውን አውጪው። አንዳንዶቹ ከስሩ ቀጭን ዳዶ አላቸው። ካለ አንድ ስምንተኛ ዙር አጥብቂ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከሌለ የውስጡ ቀለበት ተዘግቶ የተሠራ ነው፤ አይፈታም፣ ሙሉ ቫልቩ ይቀየራል። የሩብ ዙር ቫልቭ ውስጡ ብዙ ጊዜ ኳስ ነው፤ የቤዛ ቫልቭ ሕግ ለእሱ አይሠራም። ቀለበቱን ለማግኘት ብለሽ በጉልበት እንዳትከፍችው፣ በተለይ ግፊት ላይ ሆኖ።

ቤዛ_ኪ
ቆጠርኩ። የቀዝቃዛው ሦስት ዙር ሙሉ ይሄዳል። የሙቁ ሁለት ተኩል ላይ ይቆማል፤ ዘንጉም አብሮ ይዞራል። ሁለቱንም ቫልቭ ዘግቼ፣ ሩቢኔቱንም ዘግቼ ጠበቅሁ፤ የሙቁ ዘንግ ማንጠባጠቡን አላቆመም። የማሸጊያዋን ዳዶ በትንሽ በትንሹ ሩብ ዙር ድረስ አጠበቅኋት፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ከዚያ የሙቁን ፍሌክሲብል ከቫልቩ ፈትቼ አፉ ስር መለኪያ ኩባያ አደረግሁ። በ10 ደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር።

ቁልፍ_14
እንዲህ ያለ መረጃ ሲመጣ ሥራው ይቀልላል። በደቂቃ 6 ሚሊ ሊትር ማለት በቀን 8 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ሩቢኔቱን ፈትቶ በዚህ ላይ መሥራት አይቻልም። ደግሞም ፍሌክሲብሉን ፈትተሽ መለካትሽ ጥሩ ነው፤ አሁን ካርትሪጁ ከጥርጣሬ ወጥቷል።

ግማሽ ዙር ቀድሞ ማቆሙ ነው ትልቁ ፍንጭ። ጎማው ብቻ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ እንደ መንትያው ሦስት ዙር፣ እንዲያውም ትንሽ አልፎ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም ያለቀ ጎማ ቀጭን ነው። ቀድሞ የሚያቆም ዘንግ የሚያግደው ነገር አለ። ወይ ከጎማውና ከቀለበቱ መካከል ኖራ ወይም አሸዋ ገብቷል፣ ወይ የዘንጉ ጥርስ ላይ ኖራ ተጋግሯል፣ ወይ ያጠበቅሻት ዳዶ አንቃዋለች። የመጨረሻውን ለመለየት ዳዶዋን ወደነበረችበት መልሰሽ ዙሩን እንደገና ቁጠሪ። አሁንም ሁለት ተኩል ከሆነ ማገጃው ውስጥ ነው።

ከመፍታትሽ በፊት በውሃ አጥቢው። የውሃ ማሞቂያውን አጥፊና ውሃው ይቀዝቅዝ፤ አለበለዚያ እጅሽን ያቃጥልሻል። ፍሌክሲብሉ እንደተፈታ የቫልቩ አፍ ላይ የተቆረጠ የጎማ ቱቦ አጥልቀሽ ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርጊ። ቱቦውን የሚይዝልሽ ሌላ ሰው ቢኖር ይሻላል። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ለ5 ሰከንድ ያህል ከፍተሽ ዝጊ። ሲዘጋም አንዴ ግማሽ ድረስ ዘግተሽ፣ ከፍተሽ፣ እንደገና ዝጊ፤ ውሃው በጠባቡ ክፍተት ሲፈጥን ነው አሸዋውን የሚጠርገው። ባልዲው ሥር የተቀመጠውን እይና እንደገና በኩባያ ለኪ።

ዳዶና_ብሎን
እኔ ብሆን አላጥብም፣ አልፈታም፤ በሩብ ዙር ቫልቭ እቀይረዋለሁ። ጎማ ቀይረሽ፣ ማሸጊያ ቀይረሽ፣ መጨረሻ ላይ ያረጀ ናስ ነው የሚቀርሽ። ዋናውን ውሃ ለመዝጋት ያው አንድ ጊዜ ነው።

ቁልፍ_14
ፍሌክሲብሉን ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው የሚወጣውን ጥርስ ያየኸው ይመስል ነው የምታወራው። ቫልቩ ሲነቀል ያረጀው ኒፕል ግድግዳ ውስጥ ቢሰበር ሥራው ከሲንክ ስር ወጥቶ ሴራሚክ መስበር ይሆናል። ጎማ መቀየር ያንን ጥርስ አይነካውም። ይሁን እንጂ መቀየር ያለበት ቫልቭ አለ፤ ፈትታ ስታየው ይታወቃል።

ቤዛ_ኪ
ዳዶዋን መለስኳት፣ ዙሩ ያው ሁለት ተኩል ነበር። ከዚያ አጠብኩት። ባልዲው ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ወጣ፤ ትልቁ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ያህላል። አሁን ሦስት ዙር ይሄዳል። ለካሁ፤ በ10 ደቂቃ 15 ሚሊ ሊትር።

ፈጣን_ጥገና
ይኸው፣ አሁን ትንሽ ብትጫኚው ይዘጋል።

ቁልፍ_14
አይዘጋም። ፍርፋሪው ጎማው ላይ ሲጫን ጉድጓድ ትቶበታል፤ የቀረው 15 ሚሊ በዚያ ነው የሚያልፈው። አሁን ይፈታ።

ለሙቅ ውሃ መስመር ዋናውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ አለ። ማሞቂያው መጥፋቱን አረጋግጪ፤ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ቀዝቃዛ ዝጊ፤ ከዚያ የሲንኩን ቫልቭ ራሱን ከፍተሽ ባልዲ ውስጥ ግፊቱን አውጪ። ሌላ የሙቅ ሩቢኔት አትክፈቺ። አየር ከሌላ ቦታ ከገባ ማሞቂያው በአንቺ ቫልቭ በኩል መፍሰስ ይጀምራል።

እጀታውን አውጪ። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት አለ። አንዳንዱ ላይ የማሸጊያዋ ትንሽ ዳዶ ብቻዋን ናት፤ ከእሷ በታች ሰፊ ባለ ስድስት ጎን ራስ አለ፤ የሚፈታው እሱ ነው። ሌላው ላይ አንዷ ዳዶ ማሸጊያውንም ራሱንም ትይዛለች፤ እሷን ከፈታሽ በኋላ ዘንጉን በእጀታው ወደ መክፈቻው አቅጣጫ እያዞርሽ ታወጪዋለሽ። በሁለቱም ላይ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ነው የሚፈታውም የሚገጠመውም። ዘንጉ ወርዶ እያለ ራሱን ካጠበቅሽ አዲሱን ጎማ ቀለበቱ ላይ ታደቂዋለሽ፤ የመጀመሪያ ቀኑን ሳይጨርስ ጉድጓድ ይይዛል።

ጎማውን ስታወጪ ፊቱን እዪ። ክብ ምልክት መኖሩ የተለመደ ነው። ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ የተሸረፈ ወይም የተበሳ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው። አዲስ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ግን የአሮጌውን ጠርዝ ሳይሆን ጎማው የሚቀመጥበትን የዘንጉን ማቀፊያ ለኪ። አሮጌ ጎማ ተጨፍልቆ ስለሚሰፋ በጠርዙ ከለካሽ ትልቅ ታመጫለሽ፤ ትልቁ ደግሞ ማቀፊያው ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። ጠፍጣፋ የነበረውን በጠፍጣፋ፣ ሾጣጣ የነበረውን በሾጣጣ። ሱቅ እስኪከፈት መቆየት ካለብሽ ጠፍጣፋውን ጎማ ገልብጠሽ በጀርባው ግጠሚው፤ ለጊዜው ይዘጋል።

ቤዛ_ኪ
የጎማዋን ብሎን ስፈታ ራሱ ብትበጠስስ?

ዳዶና_ብሎን
ያኔ እኔ ያልኩት ይመጣል። ብሎኗን ከመፍታትሽ በፊት ቀለሟን እዪ። ጤነኛ ናስ ሲፋቅ ቢጫ ነው። ወደ ሮዝ የሄደ፣ ሲፋቅ እንደ መዳብ የሚቀላ ከሆነ ዚንኩ ከውስጡ ወጥቷል። ጠንካራ ይመስላል እንጂ በካቻቪቴ ጫፍ ይፈረፈራል። ብሎኗ ብቻ ከሆነች በአዲስ የናስ ብሎን ትተካለች። የቫልቩ አካል ወይም ቀለበቱ ራሱ እንዲያ ከሆነ ግን አትልፊበት፤ ቀይሪው። እዚህ ላይ ጋሼ ቁልፍም ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ።

ቁልፍ_14
እስማማለሁ።

ቀለበቱን በባትሪ እዪው፣ ዙሪያውንም በጣትሽ ዳስሺው። ኖራ ከሆነ አቼቶ የነካ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ አሳርፊበትና ጠርገሽ በውሃ እጠቢው። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊው፤ እጅ ቀለበቱን እኩል ሊያወርደው አይችልም፣ አንድ ጎኑን ብቻ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ወይም በውሃ የተበላ ቦይ ካገኘሽ አዲስ ጎማም አያድነውም። ቀለበት የሚያስተካክል መላጫ መሣሪያ አለ፣ ግን ለእነዚህ ትንንሽ ቫልቮች ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ሄለን_ስ
የእኔ ከማንሻው ስር ቀጭን ዳዶ ነበረው! አንድ ስምንተኛ አጥብቄ ደርቋል። አመሰግናለሁ።

ምንተስኖት_ገ
ማሸጊያውስ? ቴፍሎን ቢጠመጠምበት አይሆንም? ቤት የማይጠፋው እሱ ነው።

ቁልፍ_14
የሚሻለው ለዘንግ የተሠራው የቴፍሎን ገመድ ነው፤ የግራፋይቱም ይሆናል። አሮጌውን በቀጭን ሽቦ ጫፍ ለቅመሽ አውጪ፤ ዘንጉን ሳትጭሪ። ከታች ሮንዴላ ካለ እንዳይጠፋ። ገመዱን ዳዶዋ በምትጠብቅበት አቅጣጫ ዘንጉ ላይ አዙሪው። በተቃራኒው ከጠመጠምሽው ዳዶዋ ስትጠብቅ እየፈታች ትገፋዋለች። ክፍተቱ ሞልቶ ዳዶዋ በእጅ ሁለት ጥርስ ያህል መያዝ አለባት። ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ብቻ፤ እጀታው በሁለት ጣት መዞር አለበት።

የጥርስ ቴፍሎን ጠፍጣፋውን እንዳለ ከጠመጠምሽው ዘንጉ ሲዞር ይሸበሸብና ይወጣል። በጣቶችሽ አክርረሽ እንደ ገመድ ካደረግሽው ይሠራል፤ ለዘለቄታው ግን አላምነውም።

ዳዶና_ብሎን
እዚህ ላይ አልስማማም። በደንብ የከረረ ቴፍሎን ከገመዱ ጋር አንድ ነገር ነው። የሚያፈሰው በላላ ስለሚከርሩት ነው።

ቁልፍ_14
ቁሱ አንድ ነው፤ ጥግግቱ አይደለም። ገመዱ ሲጫን መጠኑን ይይዛል፣ የከረረው ግን እያደር ይቀንሳል፤ ዳዶዋን ደግመሽ ማጥበቅ ይኖርብሻል። ያንን የሚከታተል ሰው ካለ ይጠቀምበት።

አንድ የረሳሁት፦ ዘንጉንና ጎማውን ለቧንቧ የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀቢው። የሞተር ዘይትና ቫዝሊን ጎማን ያሳብጣሉ።

ቤዛ_ኪ
ተፈታ። አንዷ ዳዶ ሁለቱንም የምትይዘው ዓይነት ነው። ብሎኗ ቢጫ ናት፣ በቀላሉ ወጣች። ጎማው ላይ ክብ ምልክት አለ፤ አንድ ጎኑ ላይ ፍርፋሪው የተቀመጠበት ጉድጓድ በግልጽ ይታያል። ቀለበቱ ላይ ትንሽ ኖራ ነበር፣ በአቼቶ ለቀቀ። አዲስ ጎማና የቴፍሎን ገመድ አስገብቼ ዘንጉን ከፍቼ ገጠምኩ። ውሃውን ለቅቄ ቫልቩን ዘግቼ ለካሁ፤ ኩባያው ደረቅ ነው። ስከፍተው ግን ዘንጉ ስር ሶፍቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ይታያል፤ ጠብታ የለም።

ቁልፍ_14
አዲስ ገመድ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። አሁን አንድ ስምንተኛ አጥብቂና ቫልቩን ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ከዚያ ማሞቂያውን አብሪና ቱቦው ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንደገና በሶፍት እዪው። የሙቅ መስመር ቀዝቅዞ ደረቅ መስሎ ሲሞቅ ያፈሳል፤ ሲሞቅ ደርቆ ሲቀዘቅዝ የሚያፈስም አለ። ሁለቱንም ሳታዪ ዕቃ ስሩ አትደርድሪ።

ፈጣን_ጥገና
ሲከፈትስ እስከ መጨረሻው ይከፈት ወይስ ትንሽ ይመለስ? ሩብ ዙር መመለስ ነው የሚባለው።

ዳዶና_ብሎን
እስከ መጨረሻው። አንዳንዱ ዘንግ ሙሉ ሲከፈት ትከሻው ከላይ ስለሚያርፍ ማሸጊያውን ያግዘዋል።

ቁልፍ_14
እኔ ሩብ ዙር እመልሳለሁ። እስከ ጥግ ተከፍቶ የቆየ ዘንግ እዚያው ይጣበቅና የሚቀጥለው ሰው «ይህ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል» እያለ በተሳሳተ አቅጣጫ ይጫነዋል። ትከሻው የሚያርፈው ደግሞ በሁሉም ቫልቭ ላይ አይደለም።

ቤዛ_ኪ
አንድ ስምንተኛ ጨምሬ ከፈትኩ ዘጋሁ፤ አሁን ሶፍቱ ደረቅ ነው። ማሞቂያውን አብርቻለሁ። ሩብ ዙር መልሼ ትቼዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ አይቼ እጽፋለሁ። የቀዝቃዛውስ መንትያ ነውና ጎማውን አብሬ ልቀይር?

ቁልፍ_14
የቀዝቃዛው ሦስት ዙር ሄዶ ከዘጋና ዘንጉ ደረቅ ከሆነ አትፍቺው። ፍሌክሲብሉን ስትፈቺ ግን አፉ ስር ኩባያ አድርገሽ 10 ደቂቃ ለኪው፤ ሩቢኔቱን የምትፈቺው ከዚያ በኋላ ይሁን።